ግጦሽ ወይስ ግልጦሽ? የምርምር ጨዋታን ስለ መሰየም

ወደ ጨፋ ሸለቆና ወደ አካባቢው የሚመጣ እንግዳ አንዳንድ ነገር ሳይጠይቅ ከቦታ ስም ብቻ ሊረዳ ይችላል። ሰንበቴ የእሑድ ገበያዋን በስሟ ይዛለች። ሮቢት የሚለው ስም ረቡዕን ያስታውሳል። ከሚሴ የሚለውም በአፋን ኦሮሞ ሐሙስ ከሚጠራበት ቃል ጋር ይገጥማል። ባቲ ግን ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ ሆኖ ሳለ ስሟ ስለ ቀኑ ምንም አይናገርም፤ እንግዳው የግድ ሰው መጠየቅ አለበት። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስሞች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ለሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚጠቁም ሲሆን ሁለተኛው ትርጉሙን ከሌላ ምንጭ እስኪያገኝ ድረስ ዝም የሚል ነው።

የጨዋታ ስምም እንዲሁ ነው። «ሰኞ ማክሰኞ» የሚለውን የልጆች ጨዋታ ያላየ ሰው እንኳ ስሙን ሲሰማ በቅደም ተከተል የሚታለፉ ቤቶች እንዳሉበት መገመት ይችላል፤ ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ እንጂ ሐሙስ እንደማይመጣ ያውቃልና። «ዳማ» የሚለው ስም ግን በሰሌዳው ላይ ስለሚደረገው ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ አንድም ፍንጭ አይሰጥም። ይህ ልዩነት ለጨዋታ ነጋዴ የገበያ ጉዳይ ነው። በምርምር ሥራው ጨዋታን የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ አድርጎ ለሚጠቀም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን የውጤቱ ተአማኒነት ጉዳይ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የምርምር ጨዋታ ስም ከሕጎቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ ሊነደፍ፣ ሊፈተንና በጥናቱ ዘዴ ክፍል ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል። ሲነደፍም የተጫዋቹን እጅ ድርጊት እንጂ የልቡን ምርጫ ሊጠራ አይገባም።

ስም ከድርጊት ሲወለድ

አማርኛ ጨዋታን ከግሥ የሚሰይምበት የተለመደ መንገድ አለው። ማባረር «አባሮሽ»ን፣ መደበቅ «ድብብቆሽ»ን፣ ጠጠርን ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ «ቅልብልቦሽ»ን ሰጥተዋል። በሩጫ ውድድርም ዱላን ከእጅ ወደ እጅ ማቀበል «ቅብብሎሽ» ተብሏል። በእነዚህ ስሞች ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ተቀምጠዋል። ሥሩ እጅ ወይም እግር ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ «ኦሽ» የሚለው መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ሰው የሚካፈልበት መሆኑን ያሰማል። ልጅ ስሙን በሰማ ጊዜ የጨዋታውን ግማሽ ተረድቷል። በአፍ ላይ ቀላል፣ በጆሮ የሚቀር፣ «ኑ አባሮሽ እንጫወት» ተብሎ ለመጥራትም የሚመች ነው።

በሰሌዳ ላይ የሚካሄዱት ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው ይህን ዕድል አላገኙም። «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም በዐረብኛና በፋርስኛ በኩል ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን በመነሻው የሠራዊትን አራት ክፍሎች የሚያመለክት ነበር። ቃሉ ኢትዮጵያ ሲደርስ ይህ ትርጉም ከሰሚው ጆሮ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ በአገራችን የቀድሞ ሰንጠረዥ ውስጥ የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዳቸው በፈለጉት ፍጥነት ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪማርክ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። የውጭው ስም ዝም ያለውን የውስጡ ስም ተናገረው ማለት ይቻላል። «ወረራ» የሚለውን ቃል የሰማ ጀማሪ ተራ መጠበቅ እንደሌለበት ማንም ሳያስረዳው ሊገምት ይችላል።

ከአፍሪካ ቋንቋ ተወስዶ ዓለምን የዞረ አንድ የጨዋታ ስምም እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። በምሥራቅ አፍሪካ ያደገችው እንግሊዛዊት ሌስሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበችውን የእንጨት ግንብ ጨዋታ «ጄንጋ» አለችው፤ በስዋሂሊ «ገንባ» ማለት ነው። ስሙ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ ትእዛዝም ነው። ስዋሂሊ ለማያውቅ ገዢ ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ሲሆን ለሚያውቀው ግን የድርጊቱን ግማሽ ይነግረዋል። ግማሹን የምለው ጨዋታው ከመገንባት ይልቅ ከሥር እየመዘዙ ላይ የማኖር ፈተና ስለሆነና መጨረሻውም መፍረስ ስለሆነ ነው። ስሙ መጨረሻውን አለመናገሩ ጉድለቱ አይደለም፤ ተጫዋቹ መፍረሱን ራሱ እንዲያገኘው ትቶለታል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስም ውሳኔን ሲመራ

ስም የጨዋታን አካሄድ ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ የሊበርማን፣ የሳሙኤልስና የሮስ ሥራ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት «የእስረኞች አጣብቂኝ» በመባል የሚታወቀውን ጨዋታ ነበር። በዚህ ጨዋታ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ መተባበር ወይም መካድ ይመርጣሉ። ሕጉም ሆነ የሚያስገኘው ጥቅም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው፤ ለግማሾቹ «የዎል ስትሪት ጨዋታ» ተባለ፣ ለግማሾቹ «የማኅበረሰብ ጨዋታ»። የመጀመሪያውን ስም ከሰሙት የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል በመጀመሪያው ዙር የተባበሩት ከሦስት አንድ ያህሉ ሲሆኑ፣ ሁለተኛውን ከሰሙት መካከል ግን ከሦስት ሁለት ያህሉ ተባብረዋል። ተማሪዎቹን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች «ይህ ይተባበራል፣ ያ ይክዳል» ብለው አስቀድመው የሰጡት ግምት ግን ውጤቱን ለመተንበይ አልረዳም። ከሰውየው ጠባይ ይልቅ የጨዋታው ስም አመልካች ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለጨፋ ይበልጥ ይቀርባል። አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ኤንስሚንገር በኬንያ በሚኖሩትና የኦሮሞ ቋንቋ ዘመድ በሆነ አንደበት በሚናገሩት የኦርማ አርብቶ አደሮች ዘንድ የጋራ መዋጮ ጨዋታ አካሂዳ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች ከተሰጠው ገንዘብ የፈለገውን ያህል ወደ ጋራ ሣጥን ይጨምራል፤ የተሰበሰበው ከበዛ በኋላ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። ተጫዋቾቹ ሕጉ በተገለጸላቸው ጊዜ «ይህማ ሃራምቤ ነው» ብለው የራሳቸውን ስም ሰጡት። ሃራምቤ በኬንያ ትምህርት ቤትና የመሳሰለውን ለመሥራት ሕዝብ የሚያዋጣበት ሥርዓት ነው። አጥኚዋ ያልሰጠችውን ስም ተጫዋቾቹ ሰጡት፤ ከስሙም ጋር እንዴት መጫወት እንደሚገባ የሚያውቁት ልማድ አብሮ ገባ።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የምወስደው ትምህርት ስም ስላለመስጠት አይደለም። «ጨዋታ ሀ» ብሎ ማለፍ ገለልተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ስም ያልተሰጠው ጨዋታ ከተጫዋቾቹ ስም መቀበሉ አይቀርም፤ ልዩነቱ አጥኚው ያን ስም ላይሰማው መቻሉ ነው። ስለዚህ ስሙ በአጥኚው እጅ ቢሆን ይሻላል። የሚቀረው ጥያቄ ምን ዓይነት ስም የሚለው ነው።

አንድ ጨዋታ፣ አምስት ስሞች

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በጨፋ ረግረጋማ ግጦሽ ላይ የተመሠረተ ቀላል ጨዋታ እንንደፍ። ሸለቆው በቦርከና ወንዝ የሚረጥብ በመሆኑ በበጋ ወራት አካባቢው ሲደርቅ በዚያ ሣር ይገኛል። በዚህም ምክንያት ከኦሮሞው፣ ከአርጎባውና ከአማራው ነዋሪ በተጨማሪ ከቆላው የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን የሚያጠና ተማሪ ሊመልሰው የሚፈልገው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ተጠቃሚዎቹ መመካከር በማይችሉበት ጊዜ ሣሩን ምን ያህል ይቆጥባሉ?

ጨዋታው አራት ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። በመካከል 24 ሣርን የሚወክሉ ጠጠሮች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 5 ከብትን የሚወክሉ ጠጠሮችና አንድ የቡና ሲኒ ይሰጠዋል። በየዙሩ ተጫዋቹ ወደ ረግረጉ የሚያሰማራቸውን ከብቶች፣ ከዜሮ እስከ 5፣ በተደፋው ሲኒ ሥር ይደብቃል። ሲኒው የተመረጠው በእያንዳንዱ ቤት ስለሚገኝና ጭብጥ እጅ በመጠኑ የሚያሳብቀውን ቁጥር ስለሚሸፍን ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲኒውን ያነሣል። እያንዳንዱ ከብት አንድ ሣር ይበላል፣ ለባለቤቱም አንድ ነጥብ ያስገኛል። የተረፈው ሣር በግማሹ ያህል ይጨምራል፤ ነገር ግን ከ24 አይበልጥም። የተሰማሩት ከብቶች ካለው ሣር ከበለጡ የቀረው እኩል ተካፍሎ ጨዋታው ያበቃል። ይህ ካልሆነ 8 ዙር ይቀጥላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አራቱም ሁለት ሁለት ቢያሰማሩ 8 ሣር ይበላል፣ 16 ይቀራል፤ 16 በግማሹ ሲጨምር ተመልሶ 24 ይሆናል። በዚህ ዓይነት ረግረጉ ሳይጎዳ 8 ዙር ይዘልቃል፤ እያንዳንዱም 16 ነጥብ ያገኛል። ሦስት ሦስት ቢያሰማሩ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 12 ቀርቶ 18 ይሆናል፤ ከሁለተኛው በኋላ 6 ቀርቶ 9 ይሆናል፤ በሦስተኛው 12 ከብት ለ9 ሣር ይመጣና ጨዋታው በ8 ነጥብ ያበቃል። አምስቱንም ቢለቁ በሁለተኛው ዙር ያልቃል፤ የእያንዳንዱም ድምር 6 ነው። በሁለትና በሦስት ከብት መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት የጨዋታውን ዕድሜ ትወስናለች። ስም በአማካይ አንዲት ጠጠር ብቻ እንኳ ቢያስጨምር የጥናቱን መደምደሚያ መገልበጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ስሞቹን እንመልከት። የመጀመሪያው እጩ «ሽሚያ» ነው። አጭር ነው፣ ይስባል፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ እጅን የሚያስዘረጋ ስም ነው። ጨዋታው ለቤተሰብ መዝናኛ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ እኔም እርሱን እመርጥ ነበር፤ ገዢ የሚፈልገው ፉክክርን ነውና። ለጥናት ግን «የዎል ስትሪት ጨዋታ»ን በአማርኛ ከመድገም የተለየ አይሆንም። ተጫዋቹ ሲኒውን ከመድፋቱ በፊት መሻማት እንደሚጠበቅበት ተነግሮታል።

ሁለተኛው «ቅርጫ» ነው። ቅርጫ በሬ ገዝቶ ሥጋውን በእኩል መደብ የመከፋፈል የታወቀ ልማድ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የእኩልነትን ሕግ ይዞ ይመጣል። የሚያምረው ነገር ስሙ የጨዋታውን ምርጥ መፍትሔ፣ ለእያንዳንዱ እኩል ድርሻ፣ መጠቆሙ ነው። የሚያበላሸውም ይኸው ነው። በ«ቅርጫ» ስም የተገኘ ትብብር የተጫዋቾቹ ልማድ ይሁን የአጥኚው ጥቆማ ለመለየት አይቻልም።

ሦስተኛው የሸለቆው የራሱ ስም ነው። በአፋን ኦሮሞ «ጨፌ» ረግረጋማ መስክ ማለት ሲሆን ጉባኤም ማለት ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሣሩም፣ ስለ ሣሩ የሚመካከረው ሸንጎም አለ፤ ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የበለጠ ባለ ሁለት ፊት ስም ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ቃሉ የክልል ምክር ቤት መጠሪያም ስለሆነ ወዲያው ወደ አስተዳደር ያመራል። ከዚህም በላይ ከአራቱ ተጫዋቾች የአንዱ ቤት ስም ሆኖ ሌሎቹን እንግዳ ያደርጋቸዋል። ከአፋር የመጣው ተጫዋች በሰው ጓሮ እንደተቀመጠ ሆኖ ከተሰማው የሚያሰማራው ጠጠር ብዛት የእርሱን ዝንባሌ ሳይሆን ይህን ስሜት ይለካል።

አራተኛው «ግጦሽ» ነው። ይህ ቃል ለረጅም ጊዜ ትክክለኛው ስም መስሎኝ ነበር። ከ«ጋጠ» የተገኘ እንደመሆኑ «አባሮሽ»ንና «ድብብቆሽ»ን የሚመስል መጨረሻ አለው፤ ማንም ሳይፈጥረው የጨዋታ ስም ሆኖ የቆየ ይመስላል። አይመክርም፣ አያፎካክርም፤ ከብቶቹ የሚያደርጉትን ብቻ ይናገራል። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ለሚደረግ ማሠልጠኛ ዛሬም ቢሆን እመርጠዋለሁ። በሸለቆው ውስጥ ግን ግጦሽ ጨዋታ አይደለም። ሰው የሚጣላበትና ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጉዳይ ነው። «ግጦሽ» የሚል ወረቀት ይዞ ከመጣ እንግዳ ፊት የሚቀመጥ ሰው መሬት ሊለካ ነው ብሎ ቢጠረጥር ሊፈረድበት አይችልም። የጠረጠረ ተጫዋች ደግሞ በሲኒው ሥር የሚያኖረው በሜዳ የሚያደርገውን ሳይሆን ለመንግሥት ሊናገር የሚመርጠውን ነው።

የትርጉሙም ነገር አለ። ያንኑ ስም በአፋን ኦሮሞ ለመስጠት የተፈለገ እንደሆነ «ዼዳ» የሚለው ቃል ይመጣል። የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ አማርኛ ብቻ የሚናገር ረዳት «ዴዳ» ማለቱ አይቀርም፤ ይህም «ዲዳ» ከሚለው ቃል ጋር ለመምታታት አንዲት እንቅስቃሴ ብቻ ይበቃዋል። መናገር የተከለከለበት ጨዋታ «ዲዳ» ተብሎ ቢሰማ ፌዝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጉድለት በጽሑፍ ትርጉም አይታይም። የሚታየው ስሙን ከአንደበት ሲሰሙት ብቻ ነው።

አምስተኛው እጩ የተገኘው ከብቱንና ሣሩን ትቶ የተጫዋቹን እጅ በመመልከት ነው። በዚህ ጨዋታ እጅ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፤ በሲኒ ሥር ይደብቃል፣ ከዚያም ይገልጣል። ከሌሎች ጨዋታዎች የሚለየው መግለጡ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያደርጉት። «ገለጠ» የሚለውን ግሥ በተለመደው የጨዋታ ስም መልክ ብናስገባው «ግልጦሽ» ይሆናል። ቃሉ አዲስ ነው፤ ነገር ግን «ጣለ» ወደ «ጥሎሽ»፣ «ጋጠ» ወደ «ግጦሽ» የሄዱበትን መንገድ ስለሚከተል ሰሚ ሳይገለጽለት ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ከ«ግጦሽ» የሚለየው በአንዲት «ል» ብቻ ነው። የሸለቆውን ጉዳይ ለሚያውቅ ጆሮ ግጦሹ ከጀርባ ይሰማል፤ ማንንም ግን አያስደነግጥም። የጨዋታው መሪም በየዙሩ «ግለጡ!» ብሎ ሲጠራ ስሙን ያስታውሳል። «ኡኖ» በተባለው የታወቀ የካርታ ጨዋታ አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ሰው «ኡኖ»፣ ማለትም በጣልያንኛ «አንድ»፣ ብሎ መጮኽ አለበት፤ በጨዋታው ውስጥ የሚነገር ስም አይረሳም። በአፋን ኦሮሞ «ባና»፣ ማለትም «ክፈቱ»፣ የሚለው ትእዛዝ ለዚሁ ቦታ ይበቃል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አፍም ይቀላል። ከ«ግጦሽ» ጋር ያለው የድምፅ ዝምድና ግን ወደዚያ ቋንቋ አይሻገርም፤ ይህን እንደ ዋጋ መቀበል ይገባል። «ግልጦሽ» ራሱም ፍጹም ገለልተኛ ነው አልልም። ግልጥ መሆን መልካም ጠባይ ተደርጎ ስለሚታይ ወደ ቅንነት በጥቂቱ ሊያዘነብል ይችላል። ያዘነብል እንደሆነ የሚለየው በመፈተን ነው።

ስሙን መፈተን

የመጀመሪያው ፈተና ከጨዋታው በፊት የሚደረግና ሰሌዳ የማይጠይቅ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ስሙን አንድ ጊዜ በቃል ማሰማት፣ ከዚያም «ምን የሚደረግበት ጨዋታ ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅና በመልሱ ውስጥ የመጣውን የመጀመሪያ ግሥ መጻፍ ነው። የሚመጡት ግሦች መግለጥ፣ መክፈት፣ ማሳየት ከሆኑ ስሙ የእጅን ድርጊት ይጠቁማል። መካፈል፣ መርዳት፣ መቀማት የሚሉት ከበዙ ስሙ ምርጫን እየመራ ነውና ይጣል። ምንም ግሥ ካልመጣ ስሙ ዝም ያለ ነው፤ አያበላሽም፣ ነገር ግን በሰው አፍ አይቆይም። ሰውየውን በማግሥቱ አግኝቶ ስሙን እንዲናገር መጠየቅ የሳቢነቱ መለኪያ ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና በጨዋታው ውስጥ ነው። ሕጉ ሳይለወጥ አንዱ ቡድን በ«ሽሚያ»፣ ሌላው በ«ቅርጫ»፣ ሦስተኛው በ«ግልጦሽ» ስም ይጫወታል። ለእያንዳንዱ ስም አራት ቡድን ቢመደብ 12 ቡድን፣ 48 ተጫዋች ይሆናል። መመልከት የሚገባው የመጀመሪያውን ዙር ነው፤ በዚያ ዙር ማንም የሌላውን ሲኒ ስላላየ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አንድ ነጻ ምልከታ ይቆጠራል፣ ለእያንዳንዱ ስምም 16 ምልከታ ይገኛል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን አንዱ የሌላውን እያየ ስለሚወስን ነጻ ምልከታ የሚሆነው ቡድኑ ነው፤ አራት ብቻ። ይህን ሳይለዩ የስምንቱን ዙር ቁጥሮች ሁሉ አንድ ላይ መደመር ውጤትን በሐሰት ያጠነክራል። 16 ምልከታም ቢሆን ትልቅ ልዩነትን ብቻ ለማየት ይበቃል፤ ልዩነት አልታየም ማለት ስሙ ገለልተኛ ነው ማለት አይሆንም።

ሦስቱ ስሞች በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ተሰባጥረው መሰጠት አለባቸው። «ሽሚያ» በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ «ቅርጫ» በባቲ የሰኞ ገበያ ቢሞከር የሚለካው ስሙ ሳይሆን የገበያተኛው ልዩነት ይሆናል። ስሙን የሚያነበው ድምፅም አንድ ይሁን። በሰሌዳው ላይ የከብት ሥዕል ካለ ሥዕሉም ስም ነውና ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ወይም ይቅር። በመጨረሻም ተጫዋቾቹ ሲነሡ «ይህን ጨዋታ ለጎረቤትዎ ቢነግሩ ምን ብለው ይጠሩታል?» ተብለው ይጠየቁ። መልሱ «ግልጦሽ» ካልሆነና ሌላ ቃል ከሆነ፣ እነርሱ የተጫወቱት በዚያ በሌላው ስም ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቃል የበዛ ድካም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጠጠሩን ቁጥር፣ የዙሩን ብዛትና የክፍያውን መጠን በጥንቃቄ የሚዘረዝር የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ጨዋታው በመስክ ላይ በምን ቋንቋ፣ በምን ስም እንደተጠራ ካልተናገረ፣ ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ጨዋታ ሊደግመው አይችልም። እኔ የምጠይቀው በዘዴ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እንዲጨመሩ ነው። አንደኛው ስሙን ለተጫዋቹ በተነገረበት ቋንቋ እንዳለ ይጻፍ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ፈተና የመጡትን ግሦች ይዘርዝር። ሦስተኛው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያወጡለትን ስም ይመዝግብ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው የተለየ ሆኖ ከተገኘ አንባቢው ውጤቱን የሚመዝነው በተጫዋቾቹ ስም መሆን አለበት።